የተቀረጸ ሌክቸርንና የሰሌዳ ፎቶን ማዛመድ

በደሴ ካምፓስ ሌክቸር በስልክ የምትቀርጹ ተማሪዎች፣ ድምፁን ቃል በቃል ከመገልበጥ ይልቅ መምህሩ ርዕስ የቀየረበትን ደቂቃ ብቻ እየመዘገባችሁ አንድ ጊዜ አዳምጡት። «ይህ ወደዚህ ይሄዳል» የሚለው ንግግር ያለ ሰሌዳው ስለማይገባ፣ ፎቶው ከተነሳበት ሰዓት ላይ ቀረጻው የተጀመረበትን ቀንሱ፤ 2፡35 የተጀመረ ቀረጻና 2፡58 የተነሳ ፎቶ 23ኛው ደቂቃ ላይ ይገናኛሉ። ማስታወሻው «22፡30፦ ደም ከቀኝ የታችኛው የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ፎቶ 4» ተብሎ ይጻፋል፤ ፎቶ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ማብራሪያው ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ መመለሱ ይጠቅማል። ስልክ ተደውሎ ቀረጻው ከተቋረጠ ግን ስሌቱ ይዛባል፤ ድምፁና ሰሌዳው መግጠም ካቆሙበት ቦታ ጀምሮ የተቋረጠውን ያህል ደቂቃ በተጨማሪ ቀንሱ።