ስላይዱ ላይ ያለውን ቁጥር ምንጩን ይጠይቁት
በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተረቀቀ የስላይድ ጽሑፍ ሲደርስዎ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ብቻ ቢጫ ይቀቡ። «በቅርቡ በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት» የሚል ካዩ ቆም ይበሉ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ትንበያ ስለሆነ «ትንበያ» ተብሎ ይጻፍ። እኔ ከሁሉ የምፈራው ምንጭ የተጠቀሰለትን ቁጥር ነው። ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ ቁጥሩ ውስጡ የማይገኝበት ጊዜ አለና ገጹን ከፍተው በዓይንዎ ይዩት፤ ካጡት ይሰርዙት። «ጥናቶች ያሳያሉ» የሚለውም ጥናቱ ካልተገኘ ይውጣ። «ቡና ለኢኮኖሚው ቁልፍ ሚና ይጫወታል» የሚለውን ደግሞ ቡናን በሲሚንቶ ተክተው ያንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ከቆመ ስለ ቡና ምንም አልተናገረም።