ኖራው ለአባል እኩል አይከፋፈልም፦ የአፈር ምርመራውን ውጤት አስመልክቶ ለማኅበሩ የተጻፈ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

የአፈር ምርመራው ውጤት ደርሷል። ኦቦ ሊቀመንበር ባለፈው በስልክ «ኖራው ለአባል ስንት ኩንታል ይደርሳል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሴ ለደጋው ማሳ ብዙ፣ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ላለው ማሳ ግን ምንም የሚል ነው። በሁለቱም ቦታ ሰብሉ ታመመ ተብሏል፤ ሕመሙ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ችግር አንድ፦ ደጋው ላይ ማዳበሪያ አልሠራ አለ

ገብሱ አጭር ሆኖ ቀርቷል፤ የታችኞቹ ቅጠሎቹም ወደ ሐምራዊ ያደላሉ። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት መደብ አይለያይም። ናሙና ስወስድ አንድ ገብስ ነቅዬ ሥሩን አራገፍኩት። ርዝመቱ ጣት አያክልም፤ ወፍሮና ተቆልምሞ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ጤነኛ ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ታች ይወርዳል።

ምክንያቱ አሲድ ነው። የአፈሩ ፒኤች 4.9 ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበረታል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ የጨመራችሁትንም ፎስፈረስ ይይዘዋል። በማዳበሪያ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ መቅበር የሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ኖራ ነው፤ መጠኑም ከምርመራው ይሰላል። ላብራቶሪው የአፈሩን አሲድ 1.6 ብሎ ለክቶታል (በኪሎ አፈር፣ በሴንቲሞል)። ኖራው 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ድረስ ከተቀላቀለና የአንድ ሊትር አፈር ክብደት 1.2 ኪሎ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሞል በሄክታር 900 ኪሎ ኖራ ያስፈልጋል። ስለዚህ 1.6 ሲባዛ በ900፣ 1,440 ኪሎ። ገብስና ባቄላ አሲድ ስለማይችሉ በ1.5 እናባዛዋለን፤ 2,160 ኪሎ ይሆናል። ለሩብ ሄክታር 540 ኪሎ ማለት ነው። የምንገዛው ኖራ ንጽሕናው 90 በመቶ ስለሆነ 600 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 12 ጆንያ እንወስዳለን።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኖራው እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ነው። በጣታችሁ ስታሹት እንደ አሸዋ ከጎረበጣችሁ አትረከቡት፤ ሻካራው ኖራ በዚህ ዓመት አይሟሟም። የቤት ግድግዳ የሚቀባበትን የተቃጠለ ኖራም በርካሽ ተገኘ ብላችሁ አታምጡ። ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ኃይሉም ይለያል፤ የሠራሁት ሒሳብ ለእርሱ አይሆንም።

ከመዝራታችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት በትኑት። ግማሹን ማሳውን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ እየሄዳችሁ በትናችሁ ሁለት ጊዜ አርሱበት። በየቦታው ተከምሮ የቀረ ኖራ ከክምሩ ሥር ያለውን አፈር ብቻ ያክማል። ማረሻችሁ ከ10 ሴንቲሜትር የማያልፍ ከሆነ ከ12 ጆንያው 8ቱን ብቻ ተጠቀሙ። ኖራንና ዩሪያን አንድ ላይ አትበትኑ፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል። ድንች ልትተክሉ ከሆነ ደግሞ ኖራውን ከድንቹ በኋላ ለሚመጣው ሰብል አቆዩት፤ አዲስ ኖራ የገባበት መሬት ላይ ድንቹ ቅርፊቱ ይሻክራል።

10 በ10 ሜትር የሆነች መደብ ያለ ኖራ ተዉልኝ። ከእርሷ ጋር ሳናስተያይ ኖራው ሠራ አልሠራ ብለን መከራከር አይቻልም። የመጀመሪያው ዓመት ለውጥ መጠነኛ ሊሆን ይችላል።

ችግር ሁለት፦ ቆላው ላይ የማሽላው አዲስ ቅጠል ነጣ

እዚህ የሚነጣው የላይኛው፣ አዲሱ ቅጠል ነው። የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ፒኤቹ 8.1 ነው። አፈሩ ራሱ ከኖራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረቱን ተክሉ ሊወስደው በማይችል መልክ ይይዘዋል። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባል «እኔም ድርሻዬን ልውሰድ» ብለው ነበር። ማሳቸው ላይ ብንበትነው በሽታውን እንጨምርበታለን።

የራሳችሁን ማሳ ለመለየት አንድ ጭብጥ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አታስገቡ። ካልፈላ ግን አሲድ ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ እዩ። መካከለኛው ማሳችሁ ለምሳሌ አልፈላም፤ ፒኤቹ ግን 5.8 ስለሆነ ለጊዜው ኖራ አይፈልግም።

ለቆላው ማሳ የበሰለ የከብት ፍግ ጨምሩ፤ ውኃ የሚያቁርበትንም ቦታ አፋስሱ፤ እርጥበቱ ሲቆይ ቅጠሉ ይብስበታል። በጣም የነጣውን ጥግ አይረን ሰልፌት በአንድ ሊትር ውኃ 5 ግራም በጥብጣችሁ፣ ማታ ማታ ቅጠሉ ላይ በ10 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ርጩ። መጀመሪያ ጥቂት መስመር ላይ ሞክሩት።

የየማሳው ውጤት በቁጥሩ ተለይቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የኖራው ግዢ የሚታዘዘው ከደጋው ማሳ ስፋት ተነስቶ ስለሆነ፣ የሄክታሩን ልክ በፍጥነት ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የግብርና ባለሙያችሁ፣ ሐረር