ወጥ ፍሰትን ከነጥብ ምንጭ ጋር ስንደምር የት የት እንሳሳታለን?

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ወጥ ፍሰት አለ። መሃሉ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚተፋ ነጥብ ምንጭ እናስቀምጣለን። ምንጩ ወደ ፊት የተፋው ሁሉ ተገፍቶ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ እሱን ዞሮ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አፍንጫው ድቡልቡል፣ ኋላው ያልተዘጋ አካል ይመስላል። ግማሽ አካል የምንለው እሱን ነው።

እኔ ቁጥር ካልያዝኩ አይገባኝም። ስለዚህ የወጥ ፍሰቱ ፍጥነት U = 4 ሜትር በሰከንድ፣ የምንጩ ጥንካሬ m = 12 ካሬ ሜትር በሰከንድ ይሁን።

m ምን እንደሆነ ሳያዩ ቀመር መገልበጥ

አንዳንዱ መጽሐፍ ምንጩ ከ r ርቀት ላይ የሚሰጠውን ፍጥነት m/(2πr) ብሎ ይጽፋል። ሌላው 2π-ን m ውስጥ ከትቶ m/r ይላል። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ ከምንጩ ፊት ለፊት በ b ርቀት ላይ ነው። በመጀመሪያው አጻጻፍ b = m/(2πU) = 0.48 ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው 3 ሜትር ያገኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሩቅ ኋላ ላይ የምንጩ ፈሳሽ በሙሉ በ U ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ m ጠቅላላ መጠን ከሆነ የአካሉ ሙሉ ስፋት m/U = 3 ሜትር መሆን አለበት። ይህም 2πb ነው። ካልገጠመ አንድ ቦታ 2π ጠፍቷል።

አካሉን ψ = 0 ላይ መፈለግ

ይሄ እኔንም አንድ ምሽት ሙሉ አስቀምጦኛል። ψ ስትሪም ፈንክሽኑ ነው፤ በአንድ የፍሰት መስመር ላይ ዋጋው አይለወጥም። ስህተቱ ከሲሊንደር የመጣ ልማድ ነው፤ እዚያ የአካሉ መስመር ψ = 0 ነው። እዚህ ግን ስትሪም ፈንክሽኑ

```
psi = U*y + m/(2*np.pi)*np.arctan2(y, x)
```

ነው። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ ላይ y ዜሮ፣ አንግሉ π ነው። ስለዚህ በዚያ ነጥብ የሚያልፈው መስመር ψ = m/2 ነው፤ በእኛ ቁጥር 6። ψ = 0 ብለው ካሳሉ የሚያገኙት ከምንጩ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም አካሉ ውስጥ ያለ።

ሌላም ጣጣ አለ። `arctan2` ከ −π እስከ π ስለሚመልስ፣ ከምንጩ ወደ ፊት ባለው ዘንግ ላይ ψ ከ 6 ወደ −6 ይዘላል። ኮንቱር ሲሳል መስመሮች ሁሉ እዚያ ተደራርበው አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ይሠራሉ። ያ ፍሰት አይደለም። እኔ የላይኛውን ግማሽ ብቻ ስዬ ወደ ታች እገለብጠዋለሁ፤ ተገላገልኩ።

ፍጥነትን እንደ ተራ ቁጥር፣ ግፊትን እንደ ፍጥነት መደመር

ከምንጩ በቀጥታ በላይ፣ አካሉ ላይ እንቁም። ከፍታው πb/2 = 0.75 ሜትር ነው። ወጥ ፍሰቱ ወደ ቀኝ 4 ይሰጣል፤ ምንጩ ወደ ላይ 12/(2π × 0.75) = 2.55 ይሰጣል። ደምሮ 6.55 የሚል አይጠፋም። አቅጣጫቸው ግን ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠራ ትክክለኛው 4.74 ነው።

ግፊቱ ደግሞ ጭራሽ አይደመርም። ቤርኑሊ ውስጥ ፍጥነት በካሬ ይገባል፤ ካሬ ውስጥ የሁለቱ ብዜት ይወለዳል። መጀመሪያ ፍጥነቶቹን በቬክተር ደምር፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ቤርኑሊ ውስጥ አስገባ። እዚህ ነጥብ ላይ የግፊት ኮኤፊሸንቱ 1 − (4.74/4)² ሲሆን −0.405 ገደማ ይሆናል።

ትልቁን ፍጥነት ያለ ቦታው መፈለግ

ብዙ ሰው «ከምንጩ በላይ ነው» ወይም «በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ከምንጩ በላይ አካሉ የመጨረሻ ግማሽ ስፋቱን እኩሌታ ብቻ ነው የያዘው፤ 0.75 ከ 1.5። በጣም ሰፊው ቦታ ደግሞ ሩቅ ኋላ ነው፤ እዚያ ፍጥነቱ ወደ 4 ተመልሷል። ትልቁ ፍጥነት አንግሉ 63 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን 1.26U ነው፣ ማለትም ወደ 5.04 ሜትር በሰከንድ። ኮኤፊሸንቱ እዚያ −0.59 ገደማ ይወርዳል።

ኋላውንም ማመን

ከ 63 ዲግሪው ነጥብ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱም ቀስ ብሎ ይጨምራል። ቀመሩ ውስጥ ዝልግልግነት የለም። እውነተኛ ፈሳሽ ግን ገጹ አጠገብ የደከመ ስስ ንብርብር አለው፤ የሚጨምር ግፊት ያንን ሊያስቸግረው ይችላል። ስለዚህ ስሌቱን የአንድ ምሰሶ ወይም የክንፍ አፍንጫ ላይ ያለውን ግፊት ለመገመት እጠቀምበታለሁ። ለጎታች ኃይል ግን አልጠቀምም፤ ከሩቁ ግፊት ያለውን ልዩነት በሙሉ አካሉ ላይ ብትደምር መልሱ ዜሮ ነው የሚመጣው።