ሦስት ሰይፍና አሥር ሰይፍ አብረው ሲወጡ፦ ልብ ተሰብሯል ወይስ ሰው ደክሟል?

ምልክቱ፦ በፍቅር ላይ በሚደረግ የታሮት ካርድ ንባብ ሁለቱም ካርዶች ይወጣሉ። የጠያቂዋ ፊት ይለወጣል። አንባቢው ሳይጠይቅ «ከድቶሻል» ይላታል። እዚህ ባሕር ዳር ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ይኼ ነው፤ ሁሌም ያናድደኛል።

መንስኤው፦ አሥር ሰይፍ ስለሚያስፈራ «የሦስቱ የባሰበት» ተብሎ ይነበባል። ሥዕሎቹን ግን አስተውሉ። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችውና እ.ኤ.አ. በ1909 በወጣው ካርድ፣ ሦስት ሰይፍ ላይ ሰው የለም። ቀይ ልብ፣ ሦስት ሰይፍ፣ ደመናና ዝናብ ብቻ። ስለታማ ነገር ልብ ላይ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ወይም አንድ ዜና ነው። አሥሩ ላይ ደግሞ ሰውየው በደረቱ ተደፍቷል፤ ሰይፎቹ ጀርባው ላይ ተደርድረዋል። ልቡ አይታይም። የሚታየው ሲደራረብበት ቆይቶ የወደቀ ሰው ነው።

መፍትሄው፦ ከመተርጎም በፊት «መቼ ጀመረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ከነቦታው ከነገረቻችሁ፣ ነገሩ ወደ ሦስቱ ያደላል። «እንጃ፣ ቀስ በቀስ» ካለች ወደ አሥሩ።

አንዲት ሆቴል የምትሠራ ልጅ ሌላ ሰው ጋ አስነብባ እያለቀሰች መጣች። «ሌላ ሴት አለችው» ተብላለች። ሦስት ካርድ ዘረጋሁ፦ እሷ፣ እሱ፣ በመሃላቸው ያለው። ለእሷ ሦስት ሰይፍ፣ ለእሱ አሥር ሰይፍ፣ በመሃል አራት ሰይፍ ወጣ። አራት ሰይፍ የዕረፍት ካርድ ነው። መቼ እንደጀመረ ስጠይቃት አላመነታችም፤ ጣና ዳር ተቀምጠው «እስቲ ተይኝ» ያላት ማታ ነው። የእሱን ስጠይቅ ግን ቀን አጣችለት። ቀን ወደ ዘጌ ጀልባ ይነዳል፤ ሌሊት የታመሙ እናቱን ያስታምማል። እንቅልፍ የለውም።

ስለዚህ አንዱ ቆስሏል፣ አንዱ ደክሟል፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ለእሷ ያ ቃል ይቅርታ ይፈልጋል። ለእሱ ሌሊቱን የሚጋራው ሰው ይፈልጋል። ልጅቷ ጠያይቃ እህቱ አንዳንድ ሌሊት እንድትተካው አደረገች። ይቅርታውን እሱ ራሱ አመጣው፣ ካረፈ በኋላ።

የካርዱ ቦታ የማን እንደሆነ ግልጽ ካልሆነ ጎረቤት ካርዶቹን እዩ። አሥር በትር ካለ ሸክም ነው። አምስት ጽዋ ካለ ሐዘን ነው።

ሦስቱና አሥሩ ሰይፍ ተገልብጠው ከወጡ ብዙ ጊዜ እየቀለለ ነው ማለት ነው።

በርካሽ የታተመ ካርድ አትግዙ። አሥር ሰይፍ ላይ ከጥቁሩ ሰማይ በታች ቢጫ የንጋት ብርሃን አለ። መጥፎ ኅትመት ቢጫውን ያጠቁረዋል፤ ያኔ ካርዱ ሞት ብቻ ይመስላል።

መልሱ ስላልጣማችሁ ሌላ ካርድ አትሳቡ። ካርድ ክህደትን አያረጋግጥም፤ በካርድ ተነስታችሁ የማንንም ስም አትጥሩ። ጠያቂዋ እየተመታች ከሆነ ወይም መኖር ካስጠላት ካርዱን ሰብስቡና ወደሚረዳት ሰው አብራችኋት ሂዱ።