ሞተሩ ዘይት ሲበላ፦ ማጠቢያው ወይስ ማወፈሪያው?

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አሮጌ ባለ ቤንዚን ኮሮላ አለችኝ። ከፒያሳ አዘዞ ስመላለስባት ዘይት መብላት ጀመረች፤ በ1000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ። መለዋወጫ ሱቅ ገባሁና ሁለት ጣሳ ይዤ ወጣሁ። አንዱ የሞተር ማጠቢያ ነው። ሌላው እንደ ማር የሚንጠባጠብ የዘይት ማወፈሪያ። ሻጩ "በዚህ ታጥበዋለህ፣ በዚህ ታጠነክረዋለህ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ሁለቱ ግን ተቃራኒ ሥራ ነው የሚሠሩት። ማጠቢያው ቀጭን ማሟሚያ ነው፤ ዘይቱን ያቀጥንና የተጋገረ ቆሻሻ ይፈታል። ማወፈሪያው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ እንዳይቀጥን ይይዘዋል፤ በተበላ ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍናል። ስለዚህ ጣሳ ከመክፈት በፊት ሞተሩ ቆሽሿል ወይስ ተበልቷል የሚለው መታወቅ አለበት።

ምልክት፦ ሰማያዊ ጭስ

ጭሱ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ይናገራል። ጎንደር ላይ ለዚህ ጥሩ መፈተሻ አለን፤ የጎሃ ዳገት። ከላይ ወደ ታች በማርሽ ይዛችሁ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ ውረዱ። ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስትረግጡ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ከወጣና ወዲያው ከጠፋ፣ ዘይቱ የሚገባው በቫልቮቹ በኩል ነው። ቫልቭ ላይ ያሉት ትንንሽ የዘይት መያዣ ጎማዎች ደርቀዋል። አድሮ ጠዋት ሲነሳ ብቻ የሚያጨስም እንዲሁ ነው። ለዚህ ጣሳ አያስፈልግም፤ ጎማዎቹ ይቀየራሉ። በብዙ ሞተር ላይ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሳይወርድ የሚሠራ ነገር ነው።

ዳገቱን ስትወጡ፣ ሞተሩ ሲጫነው ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ፋሻው፣ ላይ ነው።

የኔዋ ዳገት ላይ ነበር የምታጨሰው። ካንዴላዎቹን አውጥተን የእመቃ መለኪያ ገጠምን። አንደኛው ሲሊንደር 11.5 ባር፣ ሁለተኛው 11፣ ሦስተኛው 7.5፣ አራተኛው 11። ሦስተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረን ደግመን ለካን። ወደ 11 ወጣ። ዘይት ሲጨመር እመቃው ከወጣ ጥፋቱ ፋሻው ነው። ባይወጣ ኖሮ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነበር የምንፈልገው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ፋሻ አልቋል" ብሎ ያቆማል። ፋሻ ግን ሳያልቅም በካርቦን ተጣብቆ ሥራ ሊያቆም ይችላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲወርድና ሌሎቹ ደህና ሲሆኑ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። እኔ ግን ያኔ ይህን አላወቅሁም። ማጠቢያውን ገለበጥኩት።

ምልክት፦ ከታጠበ በኋላ የዘይት መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲቆም ቀዩ መብራት ብልጭ አለ። ወዲያው አጠፋሁት። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ኮፓው፣ ሲወርድ የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ወንፊት ግማሹ በጥቁር ፍርፋሪ ተደፍኖ ተገኘ። ማጠቢያው ቆሻሻውን አላሟሟውም፤ ፈነቀለው እንጂ። የተፈነቀለው ወንፊቱ ላይ ሄዶ ተከመረ። መብራቱን ችላ ብዬ አዘዞ ደርሼ ብመለስ ኖሮ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ የሚሸከሙት ብሮንዚኖቹ ይበሉ ነበር። መፍትሄው ኮፓና ወንፊት አጥቦ፣ አዲስ ዘይትና አዲስ ፊልትሮ ማድረግ ነው። ከዚያ ግፊቱ በእጅ መለኪያ ይረጋገጣል፤ መብራቱ የሚበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ስለሆነ እሱን ብቻ አትመኑ።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ብረቱ ቡናማ ቀለም የተቀባ መስሎ ንጹሕ ከሆነ፣ ማጠቢያ ብዙም አይጎዳም። ጥቁር ቅቤ የመሰለ ነገር ከተጋገረ ግን አትንኩት። እንዲህ ያለው ሞተር ኮፓው ወርዶ በእጅ ነው የሚጸዳው። ካልሆነ ጥሩ የማጽዳት አቅም ያለው ዘይት አድርጎ በየ1500 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው እየቀየሩ ቀስ ብሎ ማስለቀቅ ነው። ያረጁ የዘይት ማገጃ ጎማዎችንም አንዳንዴ የሚደፍናቸው ይኸው ቆሻሻ ነው፤ ሲታጠብ ማፍሰስ ይጀምራሉ።

ማጠብ የሚቻል ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ይሞቃል፤ ማጠቢያው በአሮጌው ዘይት ላይ ይጨመራል፤ ጣሳው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ብቻ ሚኒሞ ላይ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ነዳጅ አይረገጥም፤ መኪናው አይነዳም፤ ዘይቱ ቀጥኗልና። ከዚያ በትኩሱ ይደፋል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። ፊልትሮ ሲደፈን ውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ተከፍቶ ያልተጣራ ዘይት ወደ ሞተሩ ይለቅቃል፤ አሮጌውን መተው ቆሻሻውን ብሮንዚን ላይ መርጨት ነው። በማጠቢያ ፈንታ ናፍጣ የሚጨምሩም አሉ። እኔ አላደርገውም፤ ኮፓው ጥግ የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

ለተጣበቀው ፋሻ ግን ሌላ መንገድ ሄድን። ካንዴላውን አውጥተን ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የካርቦን ማሟሚያ ጨምረን አሳደርነው። በነጋታው ካንዴላ ሳይገጠም፣ ነዳጁና የካንዴላ መብራቱ ተቋርጦ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ አዞርነው። ፈሳሹ ሳይወጣ ካንዴላ ከተገጠመ ፒስተኑ ፈሳሽ ማመቅ ስለማይችል ነገር ይሰብራል። ማሟሚያው በፋሻው በኩል ወደ ኮፓ ስለሚወርድ ዘይቱንም ቀየርን። 200 ኪሎ ሜትር ነድቼ ስንለካ ሦስተኛው 10.5 ሆነ። ዘይት መብላቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ግን አንድ ሊትር አሁን ለ3000 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

ምልክት፦ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ግፊቱም ወርዷል

ማወፈሪያ የሚሸጠው በብዛት ለዚህ ነው። ሲጨመር ድምፁ ይለዝባል፤ መለኪያውም ከፍ ይላል። ግን ግፊት ማለት ዘይቱ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው። ዘይቱ ሲወፍር ቁጥሩ ይወጣል፤ የሚያልፈው ዘይት ግን በዛ ማለት አይደለም። በጎንደር ጠዋት ቅዝቃዜ የዘይት መብራቱ ቶሎ አልጠፋ ካለ፣ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍል ለመድረስ እየዘገየ ነው። በዘይት ግፊት የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክል አዲስ ዓይነት ሞተር ላይማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው።

ሲጫነው ከሥር ድም ድም የሚል ከሆነ ብሮንዚን ነው። ያ ሞተር ይቁም፤ ዘይት ማወፈር ድምፁን ሸፍኖ ቀን ይገዛና ዋናውን ዘንግ፣ ኮሎውን፣ ያስበላል። ያገለገለ መኪና ስትገዙም የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ። ዘይቱ ሞቆም እንደ ማር ከተሳበ ሻጩን ጠይቁት።

ለተበላ ፋሻ እኔ የምመርጠው የዘይቱን ቁጥር አንድ ደረጃ ማሳደግ ነው፤ 10 ደብሊው 30 የነበረውን 15 ደብሊው 40። ማጽጃውም መከላከያውም አብሮ ተመጥኖ የተሠራ ዘይት ነው። ማወፈሪያው ግን የዘይቱን ቅመም ያሳሳል፤ የራሱ ውፍረትም በሥራ ብዛት እየተቆራረጠ ይወርዳል።

የኔዋ ጣሳ ግን ሥራ አላጣችም። ጎረቤታችን ጋሼ ያረጀ ሃይስ አላቸው። ለካን፤ አራቱም ሲሊንደር እኩል ወርዷል፤ ዘይት ሲጨመር ሁሉም ይወጣል። ያለቀ ፋሻ ነው፣ ተጣብቆ አይደለም። የጥምቀት ሰሞን መኪና አቁሞ ሞተር ማስከፈት ለሳቸው የማይታሰብ ነው። የሚንኳኳ ነገር አልነበረም፤ ግፊቱም ደህና ነበር። ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ ሳናሳልፍ ጨመርንበት። ጭሱ ቀነሰ፤ በዓሉን ሠሩበት። በየካቲት ሞተሩ ተከፈተ፤ ፋሻውም ተቀየረ።