ደጋግሞ ማስተካከል ኪሳራዬን ለምን እንዳበዛው

ዋጋው 100 በሆነ አክሲዮን ላይ የመግዣ ዋጋው 100፣ ዕድሜው 3 ወር፣ ዓመታዊ ተለዋዋጭነቱ 20 በመቶ የሆነ ኮል ኦፕሽን ሸጬ በየቀኑ በዴልታው ልክ፣ ማለትም የአክሲዮኑ ዋጋ በ1 ሲቀየር የኦፕሽኑ ዋጋ በሚቀየርበት መጠን፣ አክሲዮን ስይዝ፣ በሲሙሌሽኑ የውጤቱ መደበኛ ልይይት 0.44 ገደማ ነበር። በቀን 4 ጊዜ ማስተካከል ስጀምር ልይይቱ ወደ 0.22 ቢወርድም አማካይ ኪሳራው ጨመረ። የግብይት ወጪውን ዜሮ ሳደርገው አማካዩ ወደ ዜሮ ስለተመለሰ፣ ችግሩ የዴልታው ስሌት አለመሆኑን ተረዳሁ፤ ድግግሞሹ በ4 ሲባዛ ልይይቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ0.1 በመቶ ክፍያ የማስተካከያው ወጪ ግን ከ0.25 ወደ 0.50 ያድጋል። ስለዚህ ሰዓት መቁጠሩን ትቼ፣ የያዝኩት መጠን ከዴልታው ከ0.05 በላይ ሲርቅ ብቻ መገበያየት ጀመርኩ። በማብቂያው ቀናት ዋጋው 100 አካባቢ ከሆነ ግን ጋማው፣ ማለትም ዴልታው ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር የሚቀየርበት ፍጥነት፣ ስለሚያድግ ይህ ወሰን ደጋግሞ ይጣሳል።