በኤክሴል ሴል ላይ ##### ሲመጣ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኤክሴል አንድን ቁጥር ወይም ቀን በሴሉ ውስጥ በትክክል ማሳየት ሲያቅተው ሴሉን በሃሽ ምልክት ይሞላዋል። አንዳንድ የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ሲያዩ ቁጥሩ የጠፋ ይመስላቸውና ሴሉን አጥፍተው እንደገና ይጽፉበታል፤ ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ዋጋው ከሴሉ ውስጥ አልወጣም፤ ሴሉን ጠቅ አድርጎ ከላይ ያለውን ፎርሙላ ባር መመልከት በቂ ነው። በተለይ ፎርሙላ በነበረበት ሴል ላይ ቁጥር በእጅ ከተጻፈ፣ ሴሉ ከዚያ በኋላ የሌሎቹን ለውጥ አይከተልም።

በብዛት የሚያጋጥመው መንስኤ የዓምድ መጥበብ ነው። ያልተነካ ዓምድ ስፋቱ 8.43 ምልክት ነው፤ 1,250,000.00 ግን ከነነጠላ ሰረዙና ከነነጥቡ 12 ምልክት ስለሆነ አይገባበትም። ለዚህም ነው ለምሳሌ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር መዝገብ ላይ የየገበሬው ሒሳብ ደኅና ታይቶ ከታች ያለው ድምር ብቻ የሚሸፈነው። ከዓምዱ ፊደል በስተቀኝ ያለውን መስመር ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ያስተካክለዋል። ስም ግን በጠባብ ዓምድ ውስጥ ተቆርጦ ይታያል እንጂ ወደ ሃሽ አይለወጥም። በስክሪን ላይ ልክክ ብሎ የገባ ቁጥር በወረቀት ላይ ሃሽ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከማተም በፊት የኅትመት ቅድመ እይታውን ማየት ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ሃሹ እስኪጠፋ ድረስ ዓምዱን ማስፋት ነው። ዓምዱ በሰፋ ቁጥር ሃሹም አብሮ የሚረዝም ከሆነ ችግሩ ስፋት አይደለም፤ በቀን ፎርማት የተቀመጠ አሉታዊ ቁጥር መኖሩን መጠርጠር ያስፈልጋል። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ በሚቆጠር ተራ ቁጥር በመሆኑ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ቀን አያውቅም።

በእኛ አገር የዚህ ዋና ምንጭ የሁለት ዘመን አቆጣጠሮች መደባለቅ ነው። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ ብድር ይመዘግባል እንበል። ብድሩ የተሰጠበት ቀን ከባንክ በመጣ ፋይል 20/06/2024 ተብሎ በፈረንጆች አቆጣጠር A2 ላይ ተቀምጧል፤ የተመለሰበትን ጥር 15 ቀን 2017 ደግሞ ሠራተኛው B2 ላይ 15/05/2017 ብሎ ጽፎታል። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ፣ ኤክሴል ይህን የሚረዳው ሜይ 15 ቀን 2017 ብሎ ነው። ስለዚህ `=B2-A2` የሚሰጠው -2593 ይሆናል፤ የውጤቱ ዓምድ አስቀድሞ በቀን ፎርማት ከተዘጋጀ ደግሞ ሴሉ ሃሽ ብቻ ያሳያል። ፎርማቱን ወደ General መለወጥ አሉታዊውን ቁጥር ይገልጠዋል፤ ይህ ግን ምርመራ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት እዚህ ላይ ይመጣል፤ እርሱም ምልክቱን ለማጥፋት ሲባል ፎርሙላውን አሉታዊን ቁጥር ወደ አዎንታዊ በሚለውጠው በ`ABS` መጠቅለል ነው። ሃሹ ይጠፋል፤ ወለዱ ግን በ2593 ቀን፣ ማለትም ከሰባት ዓመት በላይ ተሰልቶ በገበሬው ላይ ይወድቃል። በ1904 የሚጀምረውን የቀን ሥርዓት ማብራትም አሉታዊ ቀኖችን ያሳያል፤ ነገር ግን በፋይሉ ውስጥ ቀደም ብለው የተጻፉትን ቀኖች ሁሉ በአራት ዓመት ከአንድ ቀን ወደፊት ይገፋቸዋል።

ትክክለኛው መንገድ የኢትዮጵያውን ቀን ዓመቱን D2፣ ወሩን E2፣ ቀኑን F2 ላይ ለየብቻ ጽፎ G2 ላይ ወደ ኤክሴል ተራ ቁጥር መለወጥ ነው፤

```
=365*D2+INT(D2/4)+30*E2+F2-691194
```

ለጥር 15 ቀን 2017 ውጤቱ 45680 ሲሆን፣ በቀን ፎርማት ሲታይ ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ይሆናል። `=G2-A2` ደግሞ ትክክለኛውን 217 ቀን ይሰጣል። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ቀንን በአንድ ሴል ሲጽፉ የማይሆን ነገር ነው፣ ኤክሴል 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋልና።

የመጨረሻው ስህተት የገንዘብ ዓምድን ሳያውቁ የቀን ፎርማት ማልበስ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚፈጠረው ከጎረቤት ዓምድ ፎርማት ሲገለበጥ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 9999 ሲሆን፣ ተራ ቁጥሩም 2,958,465 ነው። ስለዚህ 3,200,000 ብር የሆነ የበቆሎ ሽያጭ በሃሽ ይሞላል፤ በዚያው ዓምድ ያለ 45,000 ብር ግን ማርች 15 ቀን 2023 መስሎ ያለምንም ምልክት ይቀመጣል። ሃሹን ያየ ሰው አንዱን ሴል ብቻ ሳይሆን ዓምዱን በሙሉ መርጦ ወደ ቁጥር ፎርማት መመለስ አለበት።